ብድግ የሚሉ ሰዎች ሥዕል

ጎረቤቴ ሻንጣዋን ሞልታ አልጋዋ ሥር የገፋችው ሰኞ ወደ አገሯ ልትሄድ ነበር። እኔና እሷ አዳማ ውስጥ በአንድ ግቢ፣ ግድግዳ በሚጋሩ ሁለት የኪራይ ክፍሎች እንኖራለን። የምንሠራውም በአንድ ልብስ ፋብሪካ ነው። እኔ ከደሴ፣ እሷ ከመንዝ። ለምን እንደምትሄድ ብጠይቃት አንድ ነገር ብቻ አለችኝ።

«እዚህ አገር የሚነሳልኝ ሰው የለም።»

የሚረዳኝ ዘመድ የለም ማለቷ መስሎኝ «ሁላችንም ያው ነን» ብዬ አለፍኩት። ግን አናደደኝ። ግድግዳ ተጋርቼ፣ ጨው ተበድሬ፣ ሲያማት ሾርባ ይዤ ገብቼ፣ እኔ ሰው አይደለሁም ማለት ነው? እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባላል። እኔን ደግሞ ማስታወቂያ ቤት አስገባኝ።

ከሩቅ የመጣን ጥቂት ሠራተኞች ከዓመት በዓሉ በፊት ባለው እሑድ፣ በሰፈሩ ዕድር አዳራሽ፣ ለበዓሉ አገሩ ለማይገባ ሰው ሁሉ መሰባሰቢያ ልናዘጋጅ ተስማምተን ነበር። ከዚያ በፊትም አንድ ጊዜ ሞክረናል። ከኢንተርኔት ባወረድነው ሥዕል፣ ነጭ ጨርቅ የለበሱ ጠረጴዛዎች ባሉበት፣ በራሪ ወረቀት አሠርተን በተንን። ሌሎቹ ሠራተኞች የሰርግ አዳራሽ መስሏቸው፣ መግቢያም የሚከፈል መስሏቸው ቀሩ። ዳቦውን አዘጋጆቹ ብቻችንን በላነው። አሁን ግን ጎረቤቴ ሰኞ ልትሄድ ነው፤ እሑድ ካልመጣች በቃ፣ አለቀ። ስለዚህ ሥዕሉን እኔ አሠራለሁ አልኩ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ።

ፍራንኮ በሚባለው ሰፈር ባነርና የሰርግ ካርድ ሲሠሩ የኖሩ አንድ ሽማግሌ አሉ፣ የአዳማ ተወላጅ። አሁን ሥዕል የሚሠራ ኤአይም ይጠቀማሉ። የምትፈልገውን በቃል ትጽፍለታለህ፣ እሱ ይሥላል። ስገባ በኦሮምኛ «ኮቱ፣ ታኢ»፣ ነይ ተቀመጪ፣ ብለው ከወንበራቸው ከፍ አሉልኝ። ልብ አላልኩትም፤ ቸኩዬ ነበር።

«ምን ልጻፍለት?» አሉኝ።

«እንግዳ ተቀባይ ሕዝብ» አልኩ። «ከአገሩ ርቆ ለሚኖር ሰው።»

ጥቂት ጠበቅን። ሥዕሉ መጣ። ከረባት ያሰሩ ወንዶችና ሱፍ የለበሱ ሴቶች በእብነ በረድ ጠረጴዛ ጀርባ ተሰልፈው ቆመዋል፤ ከኋላቸው የክፍል ቁልፎች ተሰቅለዋል።

ሽማግሌው እስኪያስላቸው ሳቁ። «ልጄ፣ ሆቴል ልትከፍቺ ነው እንዴ?»

ለእኛ እንግዳ ተቀባይ ደግ ሰው ነው፤ ለማሽኑ ግን ደመወዝተኛ ነው። አስተካክለን «ደስ ያላቸው ብዙ ኢትዮጵያውያን፣ እጃቸውን ዘርግተው» አልነው። ይሄኛው ደግሞ ሁሉንም ነጭ በነጭ አለበሳቸው፣ ከጎጆ ፊት አቆማቸው፣ ጥርሳቸውን ሁሉ አስገለፈጣቸው። አዘረጋጋቸው የጠፋ ዶሮ ሊይዙ ይመስል ነበር። ከኋላ ያሉት ፊታቸው ቀልጧል፣ የአንዷ እጅ ስድስት ጣት አለው። ከላይ የተሰቀለው ሰሌዳ ላይ ፊደል የሚመስል ነገር ተጽፏል፤ ብንመረምረው አንድም ፊደል አይደለም።

«ፊደል እንኳ አልቆጠረም» አሉ ሽማግሌው። «ጽሑፉን በኋላ እኔ እጽፋለሁ። ቦታ እንዲተውልኝ ብቻ ንገሪው።»

እኔ ግን ተናድጄ ነበር። «ሰው ሲገባ ምን እንደሚደረግ አያውቅም እንዴ? እጅ መዘርጋት ምንድነው? ይነሳል እንጂ!»

ቃሉ ከአፌ ወጥቶ ሳያልቅ ራሴን ሰማሁት። ይነሳል። የሚነሳልኝ ሰው የለም። ጎረቤቴ ስለ ዘመድ አልነበረም ያወራችው። ሾርባ ይዤ ስገባ እሷ ታማ እንኳ ከአልጋዋ ልትነሳልኝ ትታገል ነበር፤ እሷ ክፍሌ ስትመጣ ግን እኔ ስልኬን እያየሁ «ግቢ» እላታለሁ። ፋብሪካውም ያው ነው፤ የስፌት ማሽኑን ትቶ ማን ለማን ይነሳል?

«ጋሼ፣ ኖር ብለው ይጻፉለት» አልኩ።

ጻፉለት። አንድ ሰው ብቻውን ቤቱ ተቀምጦ አሳየን። ኖር ሲባል መኖር መስሎታል።

ስለዚህ ቃሉን ትተን የሚታየውን ብቻ ልንነግረው ወሰንን። እኔ ተናገርኩ፣ እሳቸው ወደ እንግሊዝኛ እየመለሱ ጻፉ፣ በእንግሊዝኛ ይሻለዋል ብለው። «በር ላይ በቆመ ሰው ዓይን የሚታይ። ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው የሰፈር አዳራሽ፣ ረጅም የእንጨት አግዳሚ። ስድስት ሰዎች፤ የፋብሪካ ጋዋን የለበሱ፣ ሻሽ ያሰረች፣ ሂጃብ ያደረገች። ሁሉም ወደ በሩ እያዩ ከመቀመጫቸው ግማሽ ብድግ ብለዋል። አንዷ ወደ ጎን እየተጠጋች ነው። መሐል ላይ አንድ ሰው የሚበቃ ክፍት ቦታ። የከሰዓት ብርሃን። የሥዕሉ የላይኛው ሲሶ ባዶ ግድግዳ። ምንም ጽሑፍ አይኑር።» የሰዎቹን ቁጥር ያሳነስነው ፊታቸው እንዳይቀልጥ ነው።

ግማሽ መነሳት ለማሽኑ ከበደው። አንዴ ሁሉንም አቆማቸው፣ አንዴ ሁሉንም አስቀመጣቸው። ደጋግመን አዘዝነው። በመጨረሻ የመጣው ላይ የአንዱ ሰውዬ ጉልበት ወደ ኋላ ታጥፎ ነበር፤ ሽማግሌው እሱን ብቻ በመስመር ከልለው በማሽኑ አስጠገኑት። ከዚያ ባዶው ግድግዳ ላይ «ኑ፣ ቦታ አለ» ብለው ጻፉ፣ በኦሮምኛም ደገሙት፤ ከሥሩ ቀኑን፣ አዳራሹንና መግቢያው በነፃ መሆኑን።

ማታውን ለጎረቤቴ በስልኬ አሳየኋት። ረጅም ጊዜ አየችው።

«እነዚህ እነማን ናቸው?»

«በማሽን የተሠሩ ናቸው።»

«ታዲያ የሌለ ሰው ለማን ይነሳል?» አለችና ስልኩን መለሰችልኝ።

አመመኝ፤ እውነቷን ነው። በነጋታው ተመልሼ ሽማግሌውን ከታች አንድ መስመር አስጨመርኳቸው፦ «ሥዕሉ የማሽን ነው፤ የምንነሳው ግን እኛ ነን።» ወረቀቱ ከተበተነ በኋላ እያንዳንዱን አዘጋጅ እየዞርኩ አስጠነቀቅኩ። እሑድ በሩ ላይ ሰው ሲታይ መነሳት ነው፣ ማንም ይሁን ማን። አንዱ «ሳምንቱን ሙሉ ቆሜ ውዬ፣ ደግሞ እሑድ ልነሳ?» አለኝ። «ተቀምጠህ ልትቀር ከሆነ ቤትህ ተቀመጥ» አልኩት። ተቆጣ፣ ግን መጣ።

እሑድ የአዳማ ነፋስ አቧራውን አስነስቶት ነበር። ሰዎች አንድ ሁለት እያሉ መጡ፤ በእያንዳንዱ ብድግ አልን፣ ተጠጋን። እኔ ዓይኔ በሩ ላይ ነው። ሳምቡሳው ሊያልቅ ሲል ጎረቤቴ መቃኑን ይዛ ቆመች፣ አይታ ልትመለስ።

«ኖር!» አልን ሁላችን። አግዳሚዎቹ ሲሚንቶው ላይ ተንፋቀቁ።

«በእግዜር! ኧረ አትነሱ፣ አትነሱ» አለች ዓይኗን እየጠረገች። እኔም አለቀስኩ፤ አላፈርኩም። ሻሽ ያሰረች የማላውቃት ልጅ ተጠጋችላት፤ ጎረቤቴም መሐል ተቀመጠች።

ሻዩን እየቀዳሁላት ስለ ሰኞ ልጠይቃት አፌን ከፈትኩ። በሩ ግን እንደገና ተንቋቋ። ጋዋኗን ያላወለቀች፣ አንዳችንም የማናውቃት ልጅ ብቅ አለች። እኔ ማንቆርቆሪያውን እስካስቀምጥ ጎረቤቴ ቀድማኝ ተነስታለች።

«ኖር! ነይ፣ እዚህ ጋ ተጠጊ። ከማን ጋር ልቀመጥ ብለሽ አታስቢ፣ እኔ እዚሁ ነኝ።»