አጎቴ ያዘዘው አረቄ

የአቦምሳ መስመር ሹፌር የነበረው አባቴ በሞተ ሰሞን እናቴ እንቅልፍ አጣች። ይህ አያስገርምም። የሚያስገርመው ለቅሶ ሊደርስ የመጣው ሁሉ ሐኪም ሆኖ ቁጭ ማለቱ ነው። እኔ እዚሁ አሰላ ነርስ ነኝ፤ የሰፈሩ ሰው ልጁን ሲያመው በሬን ያንኳኳል፤ በገዛ ቤታችን ግን የሚሰማኝ ጠፋ። ከሁሉም የባሰው የአባቴ ታናሽ ወንድም ነበር። ከሁሩታ አንድ ጠርሙስ አረቄ በጋቢው ሥር ሸጉጦ መጣና ገና ሳይቀመጥ ፍርዱን ሰጠ።

«ልትተኛ ስትል አንድ መለኪያ። ለጥ ነው የምትለው!»

እውነትም ለጥ አለች። በነጋታው አጎቴን የሚችለው ጠፋ። የመጣውን ለቀስተኛ ሁሉ እየያዘ ያወራል፣ ወደ እኔ እያየ ጉሮሮውን ይጠርጋል። «እነዚህ ነጭ ለባሾች መጻፍ እንጂ ማዳን አያውቁም» አለ። አይ ኩራት! ራሱ የደም ግፊቱ ከፍ ሲል ማን ዘንድ እየሮጠ እንደሚመጣ ባልነግረው ይሻላል ብዬ ተውኩት።

እናቴ ግን ጠዋት ጠዋት ፊቷ ጠቁሮ፣ ዓይኗ አብጦ መነሳት ጀመረች። ምን ሆንሽ ስላት፣ መጀመሪያ እንቅልፉ እንደሚጥላት፣ ሌሊቱ ሲገፋ ግን በላብ ተጠምቃ፣ ልቧ እየደለቀ ብንን እንደምትል ነገረችኝ። መልሶ ሸለብ ሲያደርጋት ደግሞ አባቴ በሕልሟ ይመጣል፤ ራስጌዋ ቆሞ ዝም ብሎ ያያታል። እንደገና ትነቃለች። እንዲህ እየተቆራረጠ ይነጋል።

አጎቴ ይህን ሲሰማ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ወንድሜ ነው! ቅር ብሎታል። ተዝካሩን ልታሳንሱ ስላሰባችሁ ነው የሚቀሰቅሳት።» እንቅልፉ እንዲበረታባትም መለኪያውን ሁለት አደረገው። አጠገቡ የተቀመጡት ሴቶች ከንፈራቸውን መጠጡ። አንዳቸውም፣ አንዳቸውም «ይህ ነገር አረቄው ከገባ ወዲህ አይደለም ወይ የመጣው?» አላሉም። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ «ምን በድዬው ይሆን?» አለች። እንቅልፏን መንሳታቸው ሳያንስ ከባሏ ሊያጣሏት ነው።

እናቴን ጓሮ ገብስ ስታሰጣ አገኘኋትና አጠገቧ ቁጢጥ አልኩ።

«እማዬ፣ አረቄው አእምሮሽን አደንዝዞ ቶሎ ይጥልሻል፤ እሱ እውነት ነው። ግን ሰውነትሽ ሌሊቱን ሙሉ እያቃጠለ ያስወግደዋል። ከደምሽ እየወጣ ሲሄድ፣ ተጭኖት የነበረው ሁሉ ተስፈንጥሮ ይነሳል። ልብሽ የሚመታው፣ የሚያልብሽ፣ ሽንት የሚያጣድፍሽ ለዚህ ነው። ጠጥቶ የተኛ ሰው መጀመሪያ ላይ ብዙ አያልምም፤ አረቄው ሕልሙን አፍኖ ይይዝበታል። ወደ ንጋት ሲለቀው የታፈነው ተጠራቅሞ ይመጣል፤ እንቅልፉም ስስ ስለሆነ ሰውየው ከሕልሙ መሃል ይነቃል፤ ያየውንም አይረሳውም።»

ገብሱን መበተኗን ተወች።

«እንግዲያ እሱ አይደለም?»

«እሱማ በልብሽ ስላለ ነው የምታልሚው። የሚቀሰቅስሽ ግን አረቄው ነው። ሁለት ሲያደርጉልሽ ባሰብሽ እንጂ ተሻለሽ?»

ዓይኗ እንባ አቀረረ። ምሽት ላይ ግን መለኪያዋን ሳትነካ ገብታ ተኛች። የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች ስትገላበጥ አደረች፤ አስቀድሜ ነግሬያት ስለነበር አልደነገጠችም። ቆይቶ እንቅልፏ ተመለሰ። ያልጠበቅሁት አንድ ነገር ነበር። አንድ ጠዋት ቁርሷን እየበላች «ደህና አደርኩ። እሱን ግን አላየሁትም» አለችና እንጀራውን አስቀመጠችው።

የተዝካሩ ዋዜማ አጎቴ ሌላ ጠርሙስ ይዞ ከች አለ። ሰው ሁሉ እየሰማ «እህ፣ ወንድሜ እየመጣ ነው?» ብሎ ጠየቃት።

«አልመጣም።»

«አየሽ! ጭራሽ ተቀይሟል። በይ ያዥ» ብሎ ጠርሙሱን ዘረጋላት።

እናቴ ብድግ አለች። በለቅሶው ሰሞን ሁሉ ድምጿ እንዲህ ጠንክሮ አልሰማሁትም።

«አንተ ሰውዬ፣ ወንድምህን ጭራሽ አታውቀውም። ዕድሜውን ሙሉ ለመኪናው ሲል በጨለማ ነው የተነሳው። እንዳልነቃ ብሎ ጫማውን በእጁ ይዞ፣ በካልሲ ነበር ከቤት የሚወጣው። በሕይወቱ አንድ ቀን ቀስቅሶኝ አያውቅም። አሁን ሞቶ ነው የሚቀሰቅሰኝ?»

ጠርሙሱን ተቀብላ ጋቢው ሥር መልሳ ሸጎጠችለት።