ቀኑ ብቻ የሚለወጥበት ሰሌዳ

ለገበሬ ማኅበራት ማዳበሪያ በሚያከፋፍል ድርጅት ውስጥ፣ ደብረ ማርቆስ፣ የፋይናንስ ክፍል ኃላፊ ነኝ። ከቢሯችን ግድግዳ ላይ ትልቅ ስክሪን ተሰቅሏል። ዳሽቦርድ ነው፤ ቅድሚያ ክፍያ ያስገባ ማኅበር በአረንጓዴ ይታያል፣ ያላስገባ በቀይ። አረንጓዴ ለሆነው መኪና ይጫንለታል። ስክሪኑን ያስገዛሁት እኔ ነኝ፤ እንግዳ በመጣ ቁጥርም እየጎተትኩ የማሳየው እኔ ነበርኩ። መዝገብ መግለጥ የሰነፍ ሥራ መስሎ ይታየኝ ጀምሮ ነበር።

በዚያ ግንቦት ቀዩ አልቀንስ አለ። "ዘንድሮስ ገበሬው እጁን ሰበሰበ" እየተባባልን ሻይ እንጠጣለን። ከስክሪኑ አናት ላይ ቀኑ በየጠዋቱ ይለወጣል፤ ከሥሩ ያለውን ቁጥር ማን ይጠረጥራል?

አንድ ዓርብ ከደብረ ኤልያስ ወዲያ ካለ ቀበሌ አንድ ሽማግሌ መጡ። የማኅበራቸው ሊቀ መንበር ናቸው። ከኮታቸው የውስጥ ኪስ በፌስታል የተጠቀለለ የባንክ ደረሰኝ አውጥተው ሰጡኝ።

"ገንዘቡን ካስገባን አሥራ አምስት ቀን ሆነን፣ ልጄ። መኪናው መቼ ይደርስልን ይሆን? ዝናቡ እኮ ጀመረ።"

ቀና ብዬ ስክሪኑን አየሁ። ቀይ ነው።

"አባቴ፣ እኛ ዘንድ አልገባም።"

"እንዴ! ደረሰኙ በእጅሽ አይደል?"

ባለፈው ዓመት አንድ ሰው ሐሰተኛ ደረሰኝ ይዞ መጥቶ አታልሎኛል፤ የተወቀስኩት ወቀሳ ገና ከጆሮዬ አልወጣም። አጠገቤ የተቀመጠችው የሂሳብ ሠራተኛ ነገሩ አላማራትም። የባንክ መግለጫ እያየች ገቢውን በየቀኑ ሲስተሙ ላይ የምትመዘግበው እሷ ናት፤ ዳሽቦርዱም ሌሊት ሌሊት ከዚያው ነው የሚቀዳው።

"ሲስተሙን ከፍቼ ልየው?" አለችኝ።

"ምን ያደርግልሻል? ይሄም የሚመጣው ከዚያው ነው" አልኳት።

ሽማግሌው ደረሰኛቸውን መልሰው ጠቅልለው ሄዱ። እኔን ግን ያ አልበቃኝም። ለማኅበራቸው ጸሐፊ ደውዬ "ገንዘባችሁ አልደረሰም፤ ሊቀ መንበራችሁን ጠይቁ" አልኩት። ስልኩን ስዘጋ ጥንቁቅ ሰው መሆኔ ደስ ብሎኝ ነበር። ይህን ስጽፍ አሁንም ያሳፍረኛል።

ሰኞ ጠዋት ከሁለት የተለያዩ ወረዳዎች ሌሎች ሁለት ሊቃነ መናብርት መጡ። ሁለቱም ደረሰኝ ይዘዋል፤ ሁለቱም ስክሪኑ ላይ ቀይ ናቸው። ሲስተሙን ራሴ ከፈትኩት። የሽማግሌው ገንዘብ በደረሰኙ ቀን፣ በሂሳብ ሠራተኛዋ እጅ ተመዝግቦ ተቀምጧል።

ዳሽቦርዱ ወደ ሲስተሙ የሚገባበት የይለፍ ቃል ከሦስት ሳምንት በፊት ጊዜው አልፎበት ኖሯል። በየሌሊቱ "አልተሳካም" የሚል ኢሜይል ይላካል፤ የሚላከው ግን ሥራ ለቆ ወደ ሄደው የኮምፒውተር ባለሙያ አድራሻ ነው። ስክሪኑ መጨረሻ የቀዳውን እንደያዘ ቀርቷል። አናቱ ላይ የሚለወጠው ቀን ደግሞ የኮምፒውተሩ ቀን እንጂ የመረጃው አልነበረም።

መኪናው የዚያኑ ዕለት ተጫነ። ስህተቱ የእኛ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ጽፌ፣ ማኅተም አስመትቼ፣ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጬ ወደ ሽማግሌው ቀበሌ ሄድኩ። ለዘር ደርሰናል፤ መንገዱን ሙሉ በዚህ ተጽናናሁ።

ከማኅበሩ መጋዘን በር ላይ ጸሐፊው ወደ ጎን ወስዶ የሆነውን ነገረኝ። ቅዳሜ አባላቱ ተሰብስበው "ገንዘባችንን በላ" ብለው በሽማግሌው ላይ ተነሡባቸው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሚስታቸውና ልጆቻቸው ቆመው እያዩ፣ ታቦቱ ደጅ አስማሏቸው።

"እሳቸው እኮ ምለው አያውቁም" አለኝ። "የድንበር ክርክር ጊዜ ማል ቢሏቸው መሬቱን ትተው የሄዱ ሰው ናቸው።"

ሽማግሌው ማዳበሪያው ሲራገፍ ኩንታሉን እየቆጠሩ ነበር። አጠገባቸው ሄጄ ደብዳቤውን አነበብኩላቸው። በሰው ፊትም እንደማነበው ነገርኳቸው።

"እግዜር ይስጥሽ" አሉኝ። ቁጣ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ቀጥለውም "ያቺ ልጅ፣ ልየው ያለችሽ፣ ምን ነበር የምታየው?" አሉኝ።

"መዝገቡን፣ አባቴ።"

"ብዙ ይፈጃል ማየቱ?"

መዋሸት ፈልጌ ነበር። እሳቸው ፊት ግን አልቻልኩም።

"ሁለት ደቂቃ" አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ደብዳቤዬን አጣጥፈው ከደረሰኙ ጋር በፌስታሉ ጠቀለሉትና ኪሳቸው ከተቱት። ከዚያ ወደ መኪናው ዞረው መቁጠር ቀጠሉ፤ ስንት ላይ እንደደረሱ ግን ጠፍቷቸው ነበርና እንደገና ከአንድ ጀመሩ።