ረሃብ ወይስ አመል

ልጄ በተወለደ ሰሞን ቤታችን ውስጥ ቀንና ሌሊት የሚባል ልዩነት አልነበረም። ይጠባል፣ ያንቀላፋል፣ ነቅቶ እንደገና ይጠባል። ሆዱ ገና የገዛ ጭብጡን የምታህል ስለነበረች ጠግቦ የሚቆየው ለትንሽ ጊዜ ነው። በዚህ ከአማቴ ጋር ተከራክረን አናውቅም። አማቴ ከደባርቅ ማዶ ካለ ገጠር ሊያርሱኝ መጥተው፣ ወደ ሥራ ስመለስ ልጁን የሚይዝልኝ ሌላ ሰው ስለሌለ በዚያው የቀሩ ሴት ናቸው። ባለቤቴ የእናቱን ቃል ከወንጌል ለይቶ አያይም። እኔ ደግሞ ግትር ነኝ፤ ይህን የምለው ራሴን ለማመስገን አይደለም።

አንድ ነገር ብቻ ነበር የምፈልገው፤ ልጄን ሁለት ዓመት ሙሉ ማጥባት። ከዚህ ዓለም ሌላ የጠየቅኩት ትዝ አይለኝም።

ሦስት ወር ሲያልፈው ሌሊቱ ረዘም አለልኝ፤ አንዴ ነቅቶ ጠብቶ ይተኛል። እፎይ ልል ስል የወሊድ ፈቃዴ አለቀና ወደምሠራበት የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ተመለስኩ። ልጁም በየሰዓቱ መንቃት ጀመረ።

“አመል ነው፤ አቅፈሽ አቅፈሽ አባለግሽው” አሉኝ አማቴ።

ባለቤቴም “ትንሽ ቢያለቅስ አይሞትም” አለ። እሱ ሲተኛ ቤት ቢፈርስ አይሰማም።

እኔ ግን አፉን አየሁት። ጡቱን እንደያዘ ረጅም ረጅሙን ይስባል፤ ሲውጥ ይሰማኛል። አንዱን አሟጦ ወደ ሌላው ይሄዳል። ሲይዝ የጨበጣቸው ጣቶቹ እየጠገበ ሲሄድ አንድ በአንድ ይፈታሉ፤ ከዚያ ክንዱ ዝልፍልፍ ብሎ ይወድቃል። ይህ አመል አይደለም። ቀን ቀን አልቤ የምተወውለትን ወተት አንድ ማንኪያ ያህል ቀምሶ ይተዋል፤ የቀረበትን የሚያካክሰው ማታ እኔ ስመጣ ነው። ስለዚህ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩና አጠባሁት። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ቆሜ ያሸለብኩበት ቀን ብዙ ነው፤ ግን ልጁ ወፈረ፣ የሽንት ጨርቁም ሁሌ እንደ ረጠበ ነበር።

ስድስት ወር ሞልቶት ገንፎ ሲጀምር ነገሩ ተለወጠ። እንቁላልና ድንች ተጨመረለት፤ እኔም ከሥራ ስገባ ደህና አድርጎ ይጠባል። ወደ ስምንት ወሩ ግድም የቀረው አንድ መንቃት ነበር፤ እሱም ሁሌ በተመሳሳይ ሰዓት። አሁንም አፉን አየሁት። ሁለት ሦስቴ ሳብ ያደርግና ከንፈሩ ብቻ ይርገበገባል፤ የሚውጠው የለም፤ ጡቱን አፉ ውስጥ እንደያዘ እንቅልፍ ይወስደዋል። ጠዋት ላይም ለቁርሱ አይቸኩልም።

“አሁን እርስዎ እንዳሉት ነው፤ አመል ሆኗል” አልኳቸው አማቴን።

“አልኩሽ አይደል” አሉ፤ የዛሬ አራት ወር ያሉትን ማለታቸው ነው።

ከመተኛቱ በፊት አጥግቤ አጠባዋለሁ፤ ሲነቃ ግን ጡት ሳልሰጠው ጀርባውን መታ መታ አድርጌ እሹሩሩ እለዋለሁ። ጥቂት ሌሊት ተናደደብኝ። ከዚያ ተወው፤ ጠዋት ሲነሳም እየተስገበገበ ይጠባ ጀመር። ኮራሁ፣ ለምን እዋሻለሁ። ሥራ ቦታ ያሉ እናቶች ምክር ይጠይቁኝ ጀመር፤ እኔም ሳላፍር እመክር ነበር።

አንድ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው እንደገና ነቃ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ከዚያም ሌሊቱን በሙሉ።

“አመሉ አገረሸ” አሉ አማቴ።

ጥርስ ይሆናል ብዬ ድዱን ዳበስኩ፤ ያበጠ የለም። ትኩሳትም የለውም። ጡት ስሰጠው ሳብ ያደርግና ይለቃል፣ ያለቅሳል፣ ወደ ሌላው ይዞራል፣ ተመልሶ ይመጣል። ሲውጥ አይሰማኝም። ጣቶቹ እንደ ተጨበጡ ናቸው። ጠዋት ገንፎውን ሲያይ እጁን ሰሃኑ ውስጥ ይከታል። ረሃብ መሆኑን አወቅኩ፤ ያልገባኝ ከየት እንደ መጣ ነው። ጡቴን ጨመቅ ባደርገው ጠብታ ነገር ወጣ።

አማቴ ሽሮ ሲሸተኝ ፊቴን ማዞሬን አዩ።

“ምነው ልጄ፣ የወር አበባሽ መጥቷል?”

“ከወለድኩ ወዲህ አላየሁም። አጠባለሁ እኮ።”

“እኛም ስናጠባ አናይም ነበር፤ አንጸንስምም” አሉ፤ ግን ዓይናቸውን ከፊቴ አላነሱም።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄጄ ሽንቴን ተመረመርኩ። ነርሷ ውጤቱን ስትነግረኝ ተሳስታለች ብዬ ተከራከርኳት። ሴትዮዋ ትዕግሥተኛ ናት። ማጥባት ከእርግዝና የሚጠብቀው እስከ ስድስት ወር ድረስ፣ ያውም የወር አበባ ሳይመጣና ልጁ ከጡት በቀር ሌላ ሳይቀምስ፣ ሌሊትም ቀንም ሲጠባ ነው አለችኝ። ገንፎው ሲጀመር አጥሩ ሳስቷል፤ የሌሊቱ ሲቀር ደግሞ ፈርሷል። እነ አማቴና እናቶቻቸው ዘንድ ልጅ እቅፋቸው ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ እየጠባ ያድር ስለነበር ለብዙዎቹ ሠርቷል። እርግዝናው ደግሞ በበኩሉ ወተቴን እያደረቀው ነው።

“ጤነኛ ነሽ፤ ማጥባትሽን መቀጠል ትችያለሽ። ወተቱ ስለሚያንስ ግን ምግቡን በደንብ ጨምሪለት” አለችኝ።

ይህን ቃል እንደያዝኩ ቤት ገባሁ። አማቴ አልሰሙኝም። በእሳቸው አገር ያረገዘች ሴት ጡት ለልጅ አይሰጥም፤ ያከሳል፣ ያስቀምጣል፣ ለሆድ ውስጡም አይበጅም ይላሉ።

“ሁለቱንም ልትቀብሪ ነው?” አሉኝ።

ባለቤቴን አየሁት። “እማማ ልጅ አሳድጋለች” አለ፤ በዚያው ወጣ። ተከራከርኩ፣ አለቀስኩ፣ የነርሷን ቃል ደጋግሜ ተናገርኩ። ቀን ቀን ግን ልጁ በእሳቸው እጅ ነው። እኔ ደግሞ በየጥጉ የማስመልስ፣ ከምጣላት ሴት ሌላ ልጄን የሚይዝልኝ የሌለኝ ሰው ነበርኩ። ልጁ ጡት እንዲጠላ መራራውን እሬት ያመጡት እሳቸው ናቸው፤ ጡቴ ላይ የተቀባሁት እኔ ነኝ።

ቀመሰው። አላለቀሰም፤ ቀና ብሎ አየኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከአያቱ ጋር ተኛ። ማታ ማታ ወፍራም ገንፎ በቅቤ ያበሉታል፤ ነርሷ እንዳለችው ምግቡ ተጨመረለት፣ ኪሎውም ጨመረ። መጀመሪያ ከግድግዳው ማዶ ሲጮህ ይሰማኝ ነበር። ኋላ ተወ። “ሸጋ ልጅ፣ ረሳው” አሉ አማቴ ጠዋት ሲያስረክቡኝ። ባለቤቴም ደስ አለው። ከእንግዲህ የምፈልገው ነገር እንደሌለ፣ ብፈልግም እንደማላገኘው ያን ጊዜ ገባኝ።

አንድ እሑድ አማቴ ቅዳሴ ቆይተው ልጁ እኔ ዘንድ ነቃ። የቀን እንቅልፉን ተኝቶ ነበር፤ ምሳ ሰዓቱ አልፏል። ጭብጡን አፉ ውስጥ ከትቶ ይመጠምጣል፣ ራሱን ግራ ቀኝ ያዞራል። ያ ረሃብ ነው፤ በሕይወቴ እንዲህ እርግጠኛ ሆኜ አላውቅም። ጡቴን በሳሙና ታጠብኩ፤ ደጋግሜ ታጠብኩ። ቁጭ ብዬ አቀፍኩትና ሰጠሁት።

አፉን ገጠመ። በትንሽ እጁ ልብሴን ስቦ ጡቴን ሸፈነው፤ ከዚያ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ አያቱን እየጠበቀ ያለቅስ ጀመር።