የተሰረዘው ፓይ

ሰሚት ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከእኔ አንድ ፎቅ በላይ የምትኖር የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ሒሳብ አስጠና ነበር። ቦሌ ያለ አንድ የግል ትምህርት ቤት ለአሥረኛ ክፍል አንድ ተማሪ በነጻ ሊያስተምር ፈተና አውጥቷል፤ ልጅቷ ከዚያ ቦታ ሌላ የምታስበው አልነበራትም። እናቷ ደረጃ ላይ ባገኘችኝ ቁጥር «እንዴት ነች?» ትለኛለች። «ጎበዝ ነች» እላለሁ። ውሸት አልነበረም።

ችግሩ ልማዷ ነው። በእሷ ክፍል ፓይን እንዳለ መተው ሥራ እንዳለመጨረስ ይቆጠራል። በየእርምጃው 3.14 ይገባል፤ የወጣው ሁሉ ወዲያው ወደ አንድ አስርዮሽ ቤት ይጠጋጋል። በመምህሩ አልፈርድም፤ ያን ሁሉ ደብተር የሚያርም ሰው የሁሉም መልስ አንድ እንዲሆንለት ይፈልጋል። እኔን ግን ያንገበግበኛል።

«ፓይን እስከ መጨረሻው አትንኪው» እላታለሁ። «አንዳንዴ ራሱ ይጣፋል። የምታጠጋጊው መጨረሻ ላይ፣ አንዴ ብቻ ነው።»

«እሺ ቲቸር። ግን እንዲሁ ስተወው ይጨንቀኛል።»

ፈተናው ላይ ዙሪያው 40 ሴንቲሜትር የሆነ ክብ መጣ፤ ስፋቱን በሦስት ጉልህ አሃዝ ስጡ ይላል። ውጤት ሲለጠፍ ሁለተኛ ወጣች፤ ከአንደኛው ያነሰችው በአንድ ጥያቄ ነው። ከእናቷ ጋር ሄደን ወረቀቱን እንድናይ ለመንን።

ሬዲየሱን 20 ሲካፈል ለፓይ ብላ ትታዋለች። ስፋቱ ላይ አንዱ ፓይ ከአንዱ ተጣፍቶ 400 ሲካፈል ለፓይ ወጥቶላታል። ለ3.14 አካፍላ 127 ብትል አለቀ። እሷ ግን ያን ሁሉ ሰርዛዋለች። ከሥሩ ሬዲየሱን አስልታ ወደ 6.4 አጠጋግታ፣ በራሱ አባዝታ፣ በ3.14 አባዝታ፣ 128.6 አግኝታ 129 ጽፋለች። 6.4 ላይ ያለችው ትንሽ ትርፍ ስትባዛ አድጋ ሦስተኛውን አሃዝ ይዛው ሄደች።

«የተሰረዘውን ይዩልኝ እስቲ» አልኳቸው ወረቀቱን ያወጡልንን ፈታኝ።

«አይቼዋለሁ፤ ያሳዝናል። የተሰረዘ ግን አይታረምም።»

እውነታቸውን ነው። ታክሲ ውስጥ መገናኛ ስንደርስ እናትየው «ታዲያ ታውቀው ነበር ማለት ነው?» አለችኝ።

«ታውቀው ነበር።»

መስኮቱን ማየት ጀመረች። ልጅቷ ጭራሽ ባታውቀው ይሻላት የነበረ መሰለኝ።

ከሳምንት በኋላ ልጅቷ መጥታ በሬን አንኳኳች። ያንኑ ጥያቄ ለክፍሏ መምህር ሠርታ አሳይታው ኖሯል። 129 ላይ በቀይ ራይት ተደርጎበት ጎኑ «በጣም ጥሩ» ይላል።

«ልክ ነው አለኝ» አለች። ደስታ የለባትም፣ ንዴትም የለባትም።

መናደድ እንኳ ደክሞኝ ነበር።

«ሰኞ የክፍል ፈተና አለን ቲቸር። እንዴት ልሥራው?»

«እሱ እንደሚለው ሥሪ» አልኳት።