ወር ያስቀደመው ተርጓሚ

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጠቃሎ ሲታይ ምን ይወጣዋል? ወጣት ሳለሁ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይህ ጥያቄ ሲነሣ የሥራ ፈቶች ጨዋታ ይመስለኝ ነበር። ባምላኩን ከቀበርን ወዲህ ግን አልለቅ ብሎኛል።

ባምላኩ ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ከመናኸሪያው ከፍ ብሎ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቶ የጽሕፈትና የትርጉም ሥራ ይሠራ ነበር። ጡረታ እስክንወጣ ድረስ አብረን አስተምረናል፤ እሱ እንግሊዝኛ፣ እኔ ታሪክ። እንግሊዝኛውን የተማረው በንጉሡ ዘመን ከመጣ አሜሪካዊ የሰላም ጓድ መምህር ነው። ያ መምህር ያስተማረውን ሁሉ እንደ ጸሎት ይዞት ቀረ። ከሸኮም ከማጂም ከጌጫም የፈረንጅ ጽሑፍ ያለበት ወረቀት የደረሰው ሰው ወደ ባምላኩ ይመጣል። እሱ ይተረጉማል፣ ማኅተሙን ያሳርፋል። ማኅተሙ ካረፈ በኋላ ዋናውን ወረቀት መለስ ብሎ የሚያይ አልነበረም።

ጥቅምት 23 ቀን 1998፣ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ጣሪያውን እየደበደበ፣ እኔ እንደ ልማዴ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ አሮጌ ጋዜጣ አገላብጣለሁ። ዲቦራ ገባች። በሸኮ የቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር የሒሳብ ሹም ናት። ጃንጥላዋን በር ላይ ጥላ ከጉያዋ በላስቲክ የተጠቀለሉ ሁለት ወረቀቶች አወጣች።

“ጋሼ ባምላኩ፣ ማሽኑን ለሸጡልን ጣሊያኖች አንድ ደብዳቤ ይጻፉልኝ። የቡና መፈልፈያው ከበሮ ተሰንጥቋል። ዋጋውን ይንገሩንና እንግዛ።”

“ዋስትና የለውም እንዴ?”

“አለቀ እኮ! አምና በተረጎሙልን መሠረት ማሽኑ ሸኮ ሲደርስ አብሮ አለቀ። ገበሬው ‘ፈረንጅ ዋስትናውን መንገድ ላይ በላው’ እያለ ይስቃል። ሳቅ ከሆነ። እሸቱ ዛፍ ላይ ቀልቶ እየረገፈ ነው። የለቀምነውም በጆንያ ውስጥ መሽተት ጀምሯል። ካልፈለፈልነው ከነገለባው በጀንፈል ልናደርቀው ነው፤ ጀንፈል ደግሞ የታጠበ ቡና ዋጋ አያወጣም። ከተሰነጠቀ ሁለት ሳምንት ሆነው፤ በብየዳ እናስጠግነው ስንል እዚህ ደረስን።”

ባምላኩ መነጽሩን አድርጎ የማሽኑን ቁጥር ለመገልበጥ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘረጋ። አንደኛው የጣሊያኑ ድርጅት የሽያጭ ሰነድ፣ ኢንቮይሱ ነው፣ ቃላቱ በእንግሊዝኛ። ሌላው የራሱ ትርጉም። ጥቂት አንብቦ ቆመ።

“ዲቦራ፣ ማሽኑ ክብደቱ ስንት ነው?”

“እኔ መዝኜዋለሁ? መንደሩ ሁሉ ወጥቶ በግንድ እያንከባለለ ነው ያስገባው።”

“እዚህ ‘1.24 ኪሎ’ ብዬ ጽፌያለሁ።”

ዲቦራ ሳቀች። “ታዲያ በዘንቢል ይዘነው እንገባ ነበራ!”

እሱ አልሳቀም። ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋው። “እስኪ አንተ እየው። 1.240 ነው የሚለው። ዋጋውን ደግሞ 14.600,00 ዩሮ ብለው ጽፈዋል። እነዚህ ሰዎች ሺሁን በነጥብ፣ ሳንቲሙን በነጠላ ሰረዝ ነው የሚለዩት። ዋጋው ላይ ዓይኔን ስለወጋኝ አርሜዋለሁ፤ ክብደቱን ግን በአገራችን ነጥብ አነበብኩት። አንድ ሺህ ሁለት መቶ አርባ ኪሎ! ሰባ ሦስት ፈረሱላ ያህል።”

“ክብደቱ ምን ያደርግልናል?” አለች ዲቦራ።

“ቁጥራቸውን በሌላ አገር ደንብ ካነበብኩት ቀኑንስ?”

ጣቱን የኢንቮይሱ ቀን ላይ አሳረፈ፤ 03.11.2004። ትርጉሙ “መጋቢት 2 ቀን 1996” ይላል። አሜሪካዊው መምህሩ ወር ይቀድማል ብሎት ስለነበር፣ ባምላኩ ፈረንጅ ሁሉ ወር የሚያስቀድም መስሎት ኖሯል። ሦስተኛው ወር፣ አሥራ አንደኛው ቀን ብሎ ነው የመነዘረው። ከሥሩ የትእዛዙ ቀን አለ፤ 25.10.2004። ሃያ አምስተኛ ወር ስለሌለ ይህንን በትክክል “ጥቅምት 15 ቀን 1997” ብሎታል።

“ጉድ ነው” አልኩ። “እንግዲህ ሳታዙ ከሰባት ወር በፊት ሸጡላችሁ።”

ዲቦራ ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበች። ከዚያም ቀስ ብላ እንዲህ አለች፤ “ጋሼ፣ አምና ባንኩ የቆረጠብንና እርስዎ ወደ ብር የመነዘሩት በስምንት ሺህ ብር ያህል አይገጥምም ብዬ ስጠይቅዎ የባንክ ኮሚሽን ነው አሉኝ።”

“የመጋቢቱን ምንዛሪ ነበር የወሰድኩት” አለ። “ባንኩ የጥቅምቱን። የዩሮ ዋጋ በመካከሉ ጨምሯል። ነግረሽኝ ነበር፤ አልሰማሁሽም።”

እርሳስ አንሥቶ መነዘረ። በእነሱ ኖቬምበር 3 ቀን 2004፣ በእኛ ጥቅምት 24 ቀን 1997። ዋስትናው ከኢንቮይሱ ቀን ጀምሮ አሥራ ሁለት ወር ነው፣ ጉድለቱ በዚያ ጊዜ ውስጥ በጽሑፍ ከተነገረ።

“ነገ ነው የሚያበቃው” አለ።

ደብዳቤውን ተየበ። ወሮቹን በፊደል እንጂ በቁጥር አልጻፈም። ሦስታችንም በአንድ ጃንጥላ ወደ ቴሌ ሮጥን፤ ለሽማግሌ ያ ሩጫ ከተባለ። የፋክስ ሠራተኛው ታፈሰ ገና ሲያየን እጁን አወዛወዘ።

“መስመር የለም። ከጅማ ወዲህ ተቆርጧል።”

“እንግዲያው እንጠብቃለን።”

“ጋሼ፣ ልዘጋ እኮ ነው።”

“ከእኛ ጋር ዝጋው” አለ ባምላኩና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

ታፈሰ ሳቀ፤ ግን አልዘጋም። ሞከረ፤ አልሄደም። ደግሞ ሞከረ፤ ወረቀቱ ገባና ግማሽ ላይ ቆመ። ዲቦራ ዓይኗን ጨፍና በከንፈሯ ትጸልያለች። ባምላኩ ግን ማሽኑን አፍጥጦ ያያል። የሰው ፊት እንደዚያ ባዶ ሲሆን ከዚያ በፊት አላየሁም። እኔ የማስበው ሌላ ነበር፤ አንድ ሰው በቅንነት የያዘው ነገር፣ በቅንነት ስለያዘው ብቻ እንዴት ሳይመረመር አርባ ዓመት ይኖራል? ውሸት ቢሆን ኖሮ አንድ ቀን ራሱ ይጠራጠረው ነበር።

ሊመሽ ሲል ማሽኑ ጮኸና የማረጋገጫውን ብጣሽ ተፋ። ታፈሰ አነበበው። “ደርሷል። ሁለቱም ገጽ።”

ዲቦራ ባምላኩን አቀፈችው። እሱ እንደ እንጨት ደርቆ ቆመ።

ጣሊያኖቹ ዋስትናውን ተቀበሉ፤ ከበሮውንም ያለ ክፍያ ላኩ። ሸኮ የደረሰው ግን በኅዳር መጨረሻ ነው። በቀጣዮቹ ዓመታት ሠርቷል፤ የዚያ ዓመት እሸት ግን አብዛኛው የማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ጀንፈል ሆኗል። ዋስትናው አልቋል ተብሎ በብየዳ ሙከራ የጠፉት ሁለት ሳምንታት ባይጠፉ ከበሮው በወቅቱ ይደርስ ነበር። ይህን ባምላኩ፣ ዲቦራ፣ እኔና የማኅበሩ ሊቀመንበር አቶ ይስሐቅ ብቻ ነበርን የምናውቀው። ገበሬው የዘገየው ፈረንጁ ነው ብሎ ደመደመ።

ባምላኩ የተሳሳተውን ትርጉም አርሞ፣ ከእያንዳንዱ ቀን አጠገብ የዋናውን አጻጻፍ እንዳለ አስፍሮ፣ ለሊቀመንበሩ ራሱ ወሰደለት። እኔም አብሬው ሄጄ ነበር።

“አቶ ይስሐቅ፣ አንድ ነገር ልለምንህ። በጠቅላላ ጉባኤው ፊት ልቁም። የዘገየው በእኔ ብዕር እንደሆነ ልንገራቸው።”

ይስሐቅ ወንበሩን ስቦ ቀረበ። “ጋሼ፣ ከበሮው መጣ፤ አለቀ። ያን ቢነግሯቸው የተረጎሙትን የኑዛዜ፣ የፍርድ ቤት፣ የሐኪም ወረቀት ሁሉ እየያዘ የሚመጣውን ሰው ማን ይመልሰዋል? ሌላ ተርጓሚ የት አለን?”

“እኔም የምፈልገው ይዘው እንዲመጡ ነው።”

“እኛ ደግሞ እርስዎን ነው የምንፈልገው።”

በሚቀጥለው ዓመት ጉባኤ ዋዜማ ደግሞ ጠየቀ፤ የጉባኤው አጀንዳ ሞልቷል አሉት። ከዚያ በኋላ ታመመ። አልጋ ላይ ሆኖ ዲቦራን አስጠርቶ፣ እሱ ካልቻለ እሷ በጉባኤው ፊት በስሙ እንድታነብለት ስሕተቱን የሚናገር አንድ ገጽ አጻፋት። እሷም ለኮሚቴው አቀረበችው። ኮሚቴው ለሚዛን ተፈሪው ጋሼ ባምላኩ የምስጋና ወረቀት እንዲሰጠው ወሰነ፤ ገጹ ግን እንዳይነበብ።