ጊዜው ያለፈበት እንግሊዝኛ

አዋላጇ የእንግሊዝኛ ፈተናዋን ያለፈች ሰሞን ባሏ ደስታውን የሚያደርግበት ጠፍቶት ነበር። ሰውዬው ፎቶ ኮፒ ቤት አለው፤ እጁ የገባ ወረቀት ሳይባዛና ላስቲክ ሳይለብስ አይወጣም። የውጤት ወረቀቷንም ለብጦ፣ በፍሬም አድርጎ ሳሎን ሰቀለው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ፊቱ ወደዚያ ግድግዳ እንዲሆን አድርጎ ነው የሚያስቀምጠው።

ያኔ ለማስተርስ ውጭ አገር ልትሄድ ነበር። ግን የሰው እርግዝና ከበር ላይ አይታ የምታውቅ ሴት፣ የራሷን ጨጓራዬ ነው ስትል ከርማ መንታ ሴት ልጆች ወለደች። ትምህርቱ ለሌላ ጊዜ ተባለ።

ልጆቹ ሮጠው ዕቃ መስበር ሲጀምሩ እንደገና አመለከተች። ዩኒቨርሲቲው ደስ ብሎት ተቀበላት፤ የቀረው የእንግሊዝኛ ውጤቷ ብቻ ነበር። ፍሬሙ ወረደ፣ ባሏ ወረቀቱን አጥርቶ ስካን አደረገ፣ ተላከ። መልሱ ግን ከአመልካች እጅ የመጣ ውጤት አንቀበልም፣ ፈታኙ ድርጅት ራሱ በቀጥታ ይላክልን የሚል ሆነ።

ባልየው ይህን እንደ ስድብ ቆጠረው። “የእኔን ኮፒ ከዋናው የሚለይ ሰው ካለ ይምጣ!” እያለ ቀኑን ሙሉ ለደንበኛው ሁሉ ሲያማርር ዋለ። እሷም ከሥራ ወጥታ ሱቁ ውስጥ ተቀምጣ ስታዳምጠው፣ ከረባት ያሰረ ጎልማሳ ገባ። ከቦርሳው ያወጣው ወረቀት የዚያው ፈተና ውጤት ነበር። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ይቺን አምስት ሰባት ማድረግ ይቻል እንደሆነ ጠየቀ።

ባልየው ወረቀቱን አየት አድርጎ መለሰለትና፣ እዚህ ቤት እንደዚህ ያለ ሥራ የለም ብሎ ሸኘው። ከዚያ ማማረሩን ትቶ የማሽኑን ክዳን ይከፍት ይዘጋ ጀመር። ምን ሆንክ አለችው።

“የፊደሉ ዓይነት አለኝ” አለ፣ ማሽኑን በጎሪጥ እያየ። “ቀለሙም አንድ ነው። ሻይ ሳይበርድ አልቆ ይወጣ ነበር። እውነታቸውን ነው ለካ።”

በማግስቱ ውጤቱን በቀጥታ እንዲልኩላት ለመጠየቅ ፈተና ጣቢያው ሄደች። የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ ኮምፒውተሯን ጎርጉራ፣ ከተፈተኑ ሁለት ዓመት አልፎዎታል፣ ልንልከው አንችልም አለቻት።

“ወተት ነው እንዴ ጊዜው የሚያልፍበት? ውጤቱ ውሸት ነው?”

“ያኔ እውነት ነበር” አለች ልጅቷ በትሕትና። “ቋንቋ ግን ካልሠሩበት ይዝጋል። ዛሬም እንደዚያው ይችሉ እንደሆነ እኛ በምን እናውቃለን?”

አዋላጇ ደሟ ፈላ። እዚያው ላሳያት ብላ፣ እንግሊዝኛዋን ልታፈሰው አፏን ከፈተች። ቃል ጠፋ። የፈተናው ሰሞን የነበራት ያ ሁሉ አነጋገር የት እንደገባ እንጃ፤ ከአፏ የወጣው ማዋለጃ ክፍል ከውጭ ሐኪሞች ጋር ስትሠራ የለመደችው ብቻ ነው፦ በረጅሙ ተንፍሺ፣ ገና አትግፊ። ልጅቷም ታዛ በረጅሙ ተነፈሰች። ሁለቱም ሳቃቸው መጣ።

ንዴቷ በዚያው በረደና ለሌላ ዙር ተመዘገበች። ልጅቷ ውጤቱ የሚላክበትን ዩኒቨርሲቲ አብራት መረጠች፤ እንደዚህ ከሆነ እኛው በቀጥታ እንልክልዎታለን አለቻት። ከዚያ ወዲህ ቤቱ የትምህርት ቤት ያህል ሆነ። ባሏ ኮት ለብሶ ፈታኝ ይሆንና ይጠይቃል፤ እሷ እስክታስብ መንትዮቹ ይመልሳሉ።

የፈተናው ዕለት በቃል ተራዋ፣ ፈታኙ አለቀ ብለሽ ያላለቀ ነገር ካጋጠመሽ ንገሪኝ አላት። ይሄማ የራሷ ታሪክ ነው። ስለ ወሊዷ ጀመረች፤ ምጡን፣ ነርሶቹን፣ የባሏ ራስ መሳት ሳይቀር። ፈታኙ ሰዓቱ አልቋል ሲላት ሁለተኛዋ ልጅ ገና አልተወለደችም ነበር። ሰውዬው መጨረሻውን ለመስማት እንደጓጓ ቀረ።

ውጤቷ ሲመጣ ጽሕፈቱ ከቀድሞው ዝቅ፣ ንግግሩ ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ለተጠየቀው ግን በቂ ነበር። ከጥቂት ቀን በኋላ ዩኒቨርሲቲው ውጤትሽ ከድርጅቱ ደርሶናል፣ እንጠብቅሻለን ብሎ ጻፈ።

ለባሏ ስታነብለት አቀፋት፣ ሳማት፣ ደግሞ ሳማት። ከዚያ ድንገት ቆም አለ።

“ልጆቹስ?”

“ካንተ ጋር ናቸዋ።”

ሶፋው ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። መንትዮቹ ማበጠሪያውን ይዘው እየተሻሙ ሲያልፉ አያቸውና ጠራቸው። ከዚያ ሚስቱን፣ ሹሩባ ከየት በኩል እንደሚጀመር እንድታሳየው ለመናት።