ሁለቱ የግድግዳ ቀዳዳዎች

ወርቅአየሁ የእንጅባራ ልጅ ናት። ለእንየው ተድራ ወደ ሞቃቱ ጫግኒ ወረደች፤ ከባሏ እህት ከማናየሽ ጋር ሰው በሚጸዳዳበት ማሳ ውስጥ በባዶ እግሯ በቆሎ ስትኮተኩት አራት ክረምት አለፈ። ጊዜው የደርግ ዘመን ነበር።

በአራተኛው ዓመት አቀበት መውጣት አቃታት። ከዚያ አፈር አማራት። ዝናብ የነካው ግድግዳ ሲሸታት ምራቋ ይሞላል። ከአልጋዋ ጀርባ በጣቷ እየፋቀች ትበላ ጀመር።

ማናየሽ ቀዳዳውን አገኘችው፤ ጎረቤቱንም ጠራች።

«ኑ እዩ! ጤፉ አልበቃ ብሏት ቤቱን ጀመረችው!»

ሰው ሳቀ። እንየው አንገቱን ደፋ፤ በማግስቱም ወደ አባቷ ቤት ሰደዳት። ወርቅአየሁም «ማናየሽን አንድ ቀን እዚያው ግድግዳ ፊት አቆማታለሁ» ብላ ማለች።

ወንድሟ ዳንግላ ጤና ጣቢያ ወሰዳት። የጤና ረዳቱ ድሬሰር ደሴ የዓይኗን ቆብ ገልጦ አየ፤ ውስጡ ደም አጥቶ ነጭ ነው። ሰገራዋ ተመረመረ።

«እህቴ፣ እብድ አይደለሽም» አላት። «መንጠቆ ትል ነው። በእግርሽ ገብቶ አንጀትሽን ነክሶ ደም ይጠጣል። ከደሙ ጋር ብረት ያልቃል። ብረት ያነሰው ሰው አፈር ያምረዋል፤ አንዳንዱ በረዶ ይቆረጥማል። ምክንያቱን በቅጡ የሚያውቅ የለም።»

«አፈሩስ አይጠቅመኝም?»

«ይባስ ይጎዳሻል። አንጀትሽ ውስጥ የምግቡን ብረት ይዞ ያስቀረዋል።»

የትል መድኃኒትና የብረት እንክብል ሰጣት። «ሰገራሽ ቢጠቁር አትደንግጪ። እንክብሉን በቡና አትዋጪው። ጫማም አድርጊ።»

በሳምንታት ውስጥ አምሮቱ ጠፋ። እንክብሉን ሳታቋርጥ ጨረሰች። ቂሙ ግን አልጠፋም፤ ስትጸልይ እንኳ አብሯት ይንበረከካል።

ኮንጎ ጫማዋን አድርጋ፣ የምርመራ ወረቀቷን ይዛ ወደ ጫግኒ ተመለሰች። ማናየሽ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ታለከልካለች፤ ከንፈሯ ነጥቷል። ወርቅአየሁ ቀጥታ ወደ ማናየሽ መደብ አለፈች። ከጀርባው በጣት የተፋቀ ቀዳዳ አለ።

«አይጥ ነው» አለች ማናየሽ።

«አይጥ እንዲህ ያለ ጣት አላት እንዴ?»

ማናየሽ ጣቶቿን ነጠላዋ ውስጥ ደበቀች። ከዚያ አለቀሰች። «እሞታለሁ መሰለኝ።»

«አትሞቺም። ነገ ዳንግላ እወስድሻለሁ። ዛሬ ግን ያኔ የጠራሻቸውን ጎረቤቶች ጥሪ።»

«ስለ እግዚአብሔር!»

«ያኔ ስለ ማን ብለሽ ጠራሽ?»

ጎረቤቱ ተሰበሰበ። ወርቅአየሁ ወረቀቱን ለእንየው ሰጥታ ጮክ ብሎ እንዲያነብ አደረገችው። ከዚያ ማናየሽ፣ ወርቅአየሁ ባዘዘቻት መሠረት፣ በሰው ሁሉ ፊት ጭቃ አቡክታ፣ በየመሃሉ ቁጭ እያለች፣ መጀመሪያ የወርቅአየሁን ቀዳዳ፣ ቀጥሎ የራሷን መረገች። በዚህ ጊዜ የሳቀ የለም።

«ደስ አለኝ» አለችኝ ወርቅአየሁ ከዓመታት በኋላ ይህን ስታወጋኝ፣ ፊቷን ሳታዞር። «እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ እንደዚያ ቀን እንጀራ ጣፍጦኝ አያውቅም።»

ቀዳዳዎቹ በተመረጉ ማግስት ኮንጎዋን አውልቃ ለማናየሽ አጠለቀችላትና እሷ የባሏን ጫማ እየጎተተች ወደ ዳንግላው መኪና ይዛት ሄደች።